ማርኩ ተመዘገበ፣ ስህተቱ ግን አልታረመም፦ ከሰሜን ሸዋ የአንድ 7ኛ ክፍል የሒሳብ ጉዳይ

ቦታውና ክፍሉ

ትምህርት ቤቱ ሞረትና ጅሩ ወረዳ ውስጥ ነው። ጥቁር አፈር፣ ስንዴና ጤፍ ያለበት አገር። እኔ በጉድኝቱ ያሉት ትምህርት ቤቶች ሱፐርቫይዘር ነኝ። ይህን የጻፍኩት ከአንድ የሒሳብ መምህር ጋር አንድ ሴሚስተር የተከታተልነው ጉዳይ ለሌሎችም የሚጠቅም ስለመሰለኝ ነው። መምህሩ ጽሑፉን አይቶ ተስማምቷል። የማንንም ስም አልጠቀስኩም።

ክፍሉ 60 ያህል ተማሪ አለው። ሦስትና አራት ሆነው ነው አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጡት። በኅዳር አጨዳ ሲደርስ የሚቀሩ ብዙ ናቸው። መምህሩ ወጣት ነው፣ ትምህርቱን ያውቃል፣ ክፍል አይቀርም። ርዕሱ መስመራዊ እኩልታ ነበር፣ ማለትም x ስንት እንደሆነ መፈለግ።

ችግሩ

መምህሩ ማርክ ሊስቱን ሲያሳየኝ የሚወቀስበት ነገር አልነበረም። ቴስት አንድ፣ ቴስት ሁለት፣ የክፍል ሥራ፣ የቤት ሥራ፣ የቡድን ሥራ፣ ሁሉም ተሞልቷል። ተከታታይ ምዘና በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከመጣ ወዲህ ቢሮም ወረዳም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ግን ቁጥሮቹ አይንቀሳቀሱም። ቴስት አንድ ላይ 4 ያገኘ ቴስት ሁለት ላይም 4 ወይም 5 ነው። «ደጋግሜ እፈትናቸዋለሁ፣ ያው ናቸው» አለኝ መምህሩ።

መምህራን ኮሌጅ ፎርማቲቭና ሳማቲቭ እያልን የተማርናቸው ሁለት ነገሮች የሚለያዩት በወረቀቱ መጠን ወይም በሚሰጥበት ጊዜ አይደለም። ውጤቱ ምን ይደረግበታል በሚለው ነው። ሁለቱን ቃላት እ.ኤ.አ. በ1967 ያመጣቸው ማይክል ስክሪቨን ሲሆን መጀመሪያ የተናገረውም ስለ ፕሮግራም ግምገማ ነበር። ሥራው ገና እየተካሄደ ሳለ ለማሻሻል የሚደረገው ግምገማ አንድ ነው፤ ካለቀ በኋላ ዋጋውን ለመናገር የሚደረገው ሌላ ነው። በዚህ መለኪያ ሲታይ የመምህራችን አምስት ምዘናዎች አምስት ትንንሽ ማጠቃለያ ፈተናዎች ነበሩ። ከተመዘገቡ በኋላ ማስተማሩም መማሩም አልተለወጠም። በብዙ ትምህርት ቤት ተከታታይ ምዘና የምንለው ተከታታይ ፈተና ብቻ ነው፣ እና ይህ የመምህሩ ብቻ ጥፋት አይመስለኝም። ማርክ ሊስቱ የሚጠይቀው ቁጥር ነው።

ወረቀቱን በውጤት ሳይሆን በስህተት መደርደር

የመጨረሻው ቴስት ወረቀቶች ገና አልተመለሱም ነበር። አምስት ጥያቄ ነበረው፣ እያንዳንዱ ሁለት ማርክ፦

```
1)  x + 9 = 14
2)  x − 6 = 3
3)  3x + 5 = 20
4)  2x + 7 = 19
5)  4x + 1 = 13
```

ከ10 4 ያገኙትን አወጣን። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው፣ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ተማሪ። ሁለቱም 1ኛውንና 2ኛውን አግኝተዋል፣ የቀሩትን ሦስቱን ስተዋል። ማርክ ሊስቱ ላይ አንድ ሰው ናቸው ማለት ነው። 3ኛውን ጥያቄ እንዴት እንደሠሩት ግን ይኸው፦

```
ልጁ፦             ልጅቷ፦
3x + 5 = 20      3x + 5 = 20
3x = 15          8x = 20
x = 15 − 3
x = 12
```

ልጁ 5ን በትክክል አውጥቷል። የተሳሳተው 3 እና x የተባዙ መሆናቸውን ረስቶ 3ን በመቀነሱ ነው። ልጅቷ ደግሞ 3x እና 5ን እንደ አንድ ዓይነት ነገር ደምራ 8x አድርጋቸዋለች። ለአንዱ የሚነገረው ለሌላው አይጠቅምም። ሁለቱ ወረቀት ላይ የነበረው ግን ቀይ ኤክስ ብቻ ነው።

ሙሉውን ክምር በዚህ መንገድ አየነው። አራት ክምር ወጣ። አንደኛው የልጁ ዓይነት ስህተት ነው፣ ትልቁም እሱ ነበር። ሁለተኛው የልጅቷ። ሦስተኛው ምልክት ሳይቀይሩ 3x = 25 የጻፉት ነው። አራተኛው ባዶ ወይም የተገመተ ቁጥር ብቻ ያለበት። አንድ ሰዓት አልፈጀም፣ ምክንያቱም የምታየው 3ኛውን ጥያቄ ብቻ ነው።

የአንደኛው ክምር ምንጭ ክፍል ውስጥ ሳለሁ ተገለጠልኝ። ሰሌዳው ላይ የሚነገረው ሕግ «ቁጥር ማዶ ሲሻገር ምልክቱን ይቀይራል» የሚል ነው። ልጁ ይህን ሕግ አክብሯል። 5 ሲሻገር ቀንሶታል፣ 3 ሲሻገርም ቀንሶታል። ተባዝቶ የነበረ ቁጥር ሲሻገር እንደሚያካፍል ሕጉ አይናገርም። እንዲህ ዓይነቱን ስህተት በግዴለሽነት ማሳበብ ተገቢ አይደለም። ልጁ የተነገረውን ነው የሠራው።

የመጀመሪያው ሙከራ፦ ማርክና አስተያየት አብሮ

መምህሩ ሁለት ማታ ቁጭ ብሎ በየወረቀቱ ላይ ከማርኩ ጎን አስተያየት ጻፈ። ለአንዳንዱ «በርታ»፣ ለአንዳንዱ «ተጠንቀቅ»፣ ለብዙዎቹ ትክክለኛውን አሠራር በሙሉ። ወረቀቱ ሲታደል ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ልጆቹ መጀመሪያ ያዩት ማርኩን ነው። ቀጥሎ የጎረቤታቸውን ማርክ። ከዚያ ወረቀቱ ታጥፎ ደብተር ውስጥ ገባ። አስተያየቱን ያነበበ አንድም ልጅ አላየሁም። ኋላ አንዷን ስጠይቃት «አራት ነው ያገኘሁት» አለችኝ። ሌላ ምን እንደተጻፈ አታውቅም።

ይህ በአገራችን ልጆች ብቻ የሚደርስ አይደለም። ሩት በትለር የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው ጥናት ተማሪዎችን በሦስት ከፍላ ነበር። ለአንዱ ቡድን ማርክ ብቻ፣ ለሌላው አስተያየት ብቻ፣ ለሦስተኛው ሁለቱም ተሰጠ። በቀጣዩ ሥራ የተሻሻሉት አስተያየት ብቻ ያገኙት ናቸው። ማርኩ ሲጨመርበት አስተያየቱ ጥቅሙን አጣ። ክሉገርና ዴኒሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው ሲያዩ ከአንድ ሦስተኛ በሚበልጠው ላይ ግብረ መልሱ ውጤትን ዝቅ አድርጎ አግኝተውታል። በተለይ የሚጎዳው ልጁን ስለ ሥራው ሳይሆን ስለ ራሱ እንዲያስብ የሚያደርገው ነው። «ጎበዝ»ም «ሰነፍ»ም እዚያው ይመደባሉ።

ትክክለኛውን አሠራር በሙሉ መጻፉም አልጠቀመም። ሥራውን የሠራው መምህሩ ነው። ለልጁ የቀረው ነገር መገልበጥ ብቻ ነበር፣ እሱንም አላደረገውም።

ሁለተኛው ሙከራ፦ ማርክ የሌለበት፣ ልጁን የሚያሠራ

ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተነጋግረን አንድ ነገር ፈቀዱልን። በየሳምንቱ የሚሰጥ አንድ እሩብ ወረቀት አይመዘገብም። የሚመዘገበው ልጆቹ አስተያየቱን ሠርተው ከጨረሱ በኋላ የሚሰጠው ነው። ሌላው እንደነበረ ቀጠለ።

ለ60 ልጅ ለየብቻ መጻፍ ደግሞ የማይሆን ነገር ነው። ስለዚህ መምህሩ በየወረቀቱ 1፣ 2 ወይም 3 ብቻ ጻፈ። የክምሩ ቁጥር ነው። የእያንዳንዱ ክምር ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ተጻፈ። የክፍለ ጊዜው የመጀመሪያ 15 ደቂቃ ለዚሁ ብቻ ተመደበ፣ አዲስ ትምህርት የለም። ሁሉንም ላገኙት 3(x + 2) = 21 ተሰጣቸው።

ጥያቄዎቹን ማዘጋጀት ከጠበቅነው በላይ ከባድ ሆነ።

ለክምር 1 ቀላሉ ነበር፦ «x = 12 ብለሃል። 3 × 12 ስንት ነው? 15 ካልመጣ፣ 3 እና x መካከል ያለው ምን ዓይነት ስሌት ነው?» ልጁ 36 ብሎ ጻፈ፣ ወረቀቱን ትንሽ አየው፣ ከዚያ 15ን ለ3 አካፈለ። ማንም ምንም አልነገረውም።

ለክምር 2 መምህሩ መጀመሪያ የጻፈው «x = 1 ይሁን። 3x + 5 ስንት ነው? 8xስ?» የሚል ነበር። ልጆቹ ሠሩ። 3 + 5 ስምንት፣ 8 × 1 ስምንት። «ቲቸር፣ እኩል ነው!» አሉ ደስ ብሏቸው። ስህተታቸው ተረጋገጠላቸው ማለት ነው። x = 1 ሁለቱ እኩል የሚሆኑበት ብቸኛ ቁጥር ነው። ወዲያው x = 2 ተባለ። አሁን አንደኛው 11፣ ሁለተኛው 16 መጣ። የቅድሙን ደስታ ያዩ ሰዎች ፊታቸው ላይ ግራ መጋባቱን ማየት ይችሉ ነበር። ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ከመጻፉ በፊት በልጁ የተሳሳተ አሠራር ሠርቶ መሞከር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የተሳሳተውም ትክክለኛውም አንድ መልስ ከሰጡ ጥያቄው አይረባም።

ለክምር 3 «መልስህን ተክተህ አረጋግጥ» ማለት አልሠራም። 3x = 25 ያለው ልጅ x 8.33 ምናምን ይሆንበታል። ያንን በ3 አባዝቶ ማረጋገጥ አስቸጋሪ ነው፣ ብዙዎቹ መሀል ላይ ተዉት። በሚቀጥለው ቀን ጥያቄው ተቀየረ፦ «3x ላይ 5 ተጨምሮ 20 ሆነ። 3x ብቻውን ከ20 ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ይህን ያልመለሰ የለም። «ያንሳል» ብለው ከጻፉ በኋላ 25ን ራሳቸው ሰረዙት።

ክምር 4 ላይ ምንም አስተያየት አልተሰጠም። አብዛኞቹ በአጨዳ ሰሞን የቀሩ ልጆች ናቸው። ያልተማረን ልጅ ግብረ መልስ አይረዳውም፣ የሚያርመው ነገር የለውም። መምህሩ ከፊት ሁለት ዴስክ ላይ ሰብስቦ ከመጀመሪያው አስተማራቸው። «ማዶ ሲሻገር» የሚለውንም ተወው። በምትኩ የገበያ ሚዛን ሰሌዳ ላይ ሣለ፦ ከአንዱ ወገን 5 ካነሳህ ከሌላውም 5 ታነሳለህ፣ አንዱን ወገን ሦስት ቦታ ከከፈልክ ሌላውንም ሦስት ቦታ ትከፍላለህ። በኋላ ለሙሉው ክፍል በዚሁ መልክ ደገመው።

ያጋጠሙ እንቅፋቶች

የመጀመሪያው ቅሬታ ከልጆቹ መጣ። «ቲቸር፣ ስንት አገኘሁ?» የሚል ጥያቄ ለሁለት ሳምንት አላቆመም። በወላጅ ስብሰባ ላይ አንድ አባት «ልጄ ወረቀት ይዞ ይመጣል፣ ማርክ የለውም። እንዴት ነው ነገሩ?» አሉ። መምህሩ የልጃቸውን ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አሳያቸው። የፊተኛው ላይ x = 12፣ የኋለኛው ላይ x = 5። እሳቸው ያዩት ለውጡን ነው፣ ነገሩ አለቀ።

ሁለተኛው የከፋ ነበር። ጊዜ ለመቆጠብ የ1 ለ 5 ቡድን መሪዎች ወረቀቱን ያርሙ ተባለ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ክምሮቹ በሙሉ ጠፉ፣ ሁሉም ልክ ሆነ። ቁጥሮቹን ቀይረን ሌላ እሩብ ወረቀት ስንሰጥ ግን ስህተቶቹ እንደነበሩ ተመለሱ። መሪዎቹ መልሱን ነግረዋቸው ነበር። ከዚያ በኋላ የመሪው ሥራ አንድ ብቻ ሆነ፣ ሰሌዳው ላይ ያለውን ጥያቄ ለጓደኛው ማንበብና መጠበቅ። እስክሪብቶ አይይዝም። ይህ በከፊል ሠርቷል። አንዳንዱ መሪ እስክሪብቶ ባይዝም በጣቱ ያሳያል።

ምን ተለወጠ፣ ምንስ አልተለወጠም

የገና በዓል ከመድረሱ በፊት ቁጥሮቹ የተቀየሩበት ተመሳሳይ ቴስት ተሰጠ። ክምር 1 ውስጥ የቀሩት ጥቂት ናቸው። ክምር 3 ከግማሽ በታች ወረደ። ክምር 2 ቀነሰ ግን ግትር ነው። 3x + 5 ላይ የተወው ልጅ 3(x + 2) ሲመጣ መልሶ 3x + 2 ወይም 5x ይላል። ይህ ስህተት ከእኩልታ በፊት የነበረ ይመስለኛል። ፊደሉ ምን እንደሆነ ገና አልገባቸውም፣ እና 15 ደቂቃ ያንን አይፈታም።

የቃላት ጥያቄ ላይ ምንም ለውጥ አልታየም። «አንድ ገበሬ እኩል የሆኑ ሦስት ጆንያ ስንዴና ተጨማሪ 20 ኪሎ፣ በድምሩ 200 ኪሎ ሸጠ። አንዱ ጆንያ ስንት ኪሎ ነው?» ሲባል፣ 3x + 20 = 200 ቢጻፍላቸው የሚፈቱት ልጆች 200ን ለ3 ያካፍላሉ። ግብረ መልሱ የተሰጠው እኩልታ በመፍታት ላይ ነው፣ የተሻሻለውም እሱ ብቻ ነው። እኩልታውን ከታሪኩ ማውጣት ሌላ ችሎታ ነው፣ ለእሱ የራሱ ክምርና የራሱ ጥያቄ ያስፈልገዋል።

ማጠቃለያ ፈተናው ያሳየውና የደበቀው

በጥር የተሰጠው የሴሚስተር ፈተና በምርጫ ነበር፣ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪም በምርጫ ስለሆነ ልጆቹ እንዲለምዱት። በእኩልታዎቹ ላይ ውጤቱ ከጠበቅነው በላይ ጥሩ ሆነ። ክምር 2 ውስጥ የቀሩት ሁሉ ሳይቀር አግኝተውታል። ደስ የሚል ነው፣ ግን አጠራጣሪም ነው።

መምህሩ ፈተናው ላይ ስሌት የሠሩበትን ወረቀት ሰብስቦ ስለነበር ምክንያቱ እዚያ ተገኘ። 3x + 5 = 20 ተብሎ ሀ) 3፣ ለ) 5፣ ሐ) 12፣ መ) 15 ከተሰጠ፣ እኩልታውን መፍታት አያስፈልግም። አራቱንም እየተኩ መሞከር ይበቃል። «ተክተህ አረጋግጥ» የሚለውን ለሳምንታት ያስለመድናቸው እኛ ነን። ልጆቹ ብልህ ነገር አድርገዋል፣ ፈተና ላይ እኔም አደርገው ነበር። ግን ፈተናው መፍታት መቻላቸውን አልለካም። ማርክ ሊስቱን ብቻ ያየ ሰው ክምር 2 ተፈትቷል ብሎ ያልፋል።

ለሁለተኛው ሴሚስተር ጥያቄው እንዲህ ተጽፏል፦

```
3x + 5 = 20
ቀጥሎ የሚመጣው ትክክለኛ እርምጃ የትኛው ነው?
ሀ) 8x = 20
ለ) 3x = 25
ሐ) 3x = 15
መ) x + 5 = 17
```

መተካት እዚህም ይቻላል፣ ግን መጀመሪያ መልሱን ማግኘት ይጠይቃል። ዋናው ጥቅሙ ሌላ ነው። ሀ የመረጠ ክምር 2 ነው፣ ለ የመረጠ ክምር 3፣ መ የመረጠ ክምር 1። የምርጫ ወረቀትም ቢሆን ፊደሎቹ ከልጆቹ እውነተኛ ስህተት ከተወሰዱ ለማስተማር ይሆናል። እርማቱም ፈጣን ነው።

ለሌላ ክፍል የሚወሰድ

ይህ አሠራር በሁሉም ርዕስ በየሳምንቱ አይሆንም። መምህሩ አምስት ክፍል ያስተምራል። የወሰነው በሴሚስተር ሁለት ርዕስ ላይ ብቻ ሊያደርገው ነው፣ ቀጣዩ የሚደገፍባቸው ርዕሶች ላይ። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ሁሉንም እናድርግ ያሉ ትምህርት ቤቶች በወሩ ወደ ቅጽ መሙላት ሲመለሱ አይቻለሁ።

በዚያው ትምህርት ቤት የ5ኛ ክፍል አማርኛ የምታስተምር መምህርት አሠራሩን ወስዳ አንቀጽ መጻፍ ላይ ሞክራለች። ድሮ የምትጽፈው «ሐሳብህን አደራጅ» ነበር። አሁን የምትጽፈው እንዲህ ነው፦ «አንቀጽህ ስለ ጥምቀት ነው። ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ስለ ገበያ ይናገራል። ወይ አውጣው፣ ወይ ከጥምቀት ጋር የሚያገናኘው አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምር።» ልጁ ሁለት መንገድ አለው፣ ሁለቱም አሁን እዚያው የሚሠሩ ናቸው። እሷን ያስቸገራት ክምር መለየት ነው። በሒሳብ አንድ ጥያቄ አይተህ ትደረድራለህ፣ አንቀጽ ግን መነበብ አለበት። ለጊዜው በአንድ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ታያለች፣ ከርዕስ የወጣ ዐረፍተ ነገር። ፊደል ግድፈቱን በዚያ ሳምንት አትነካውም፣ ምንም እንኳ እጇን ቢበላትም።